ከሁለት ዓመቱ ማስታወቂያ ወደ ዜሮ ዓመቱ
(ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ለአዲስ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል)

እንደምን አረፈዳችሁ። ገሚሶቻችሁ ከኮዬ ፈጬ፣ ገሚሶቻችሁ ከገላን፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከአቃቂ ተነስታችሁ ነው የመጣችሁት። ቅዳሜ ጠዋታችሁን ሰጥታችሁኛልና ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ።

ሥራዬ ማጣራት ነው። ገላን መስመር ላይ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ኤችአር ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ማስታወቂያ እጽፋለሁ፣ ማመልከቻ እቀበላለሁ። ከዚያ አንድ ሰፊ ቅጽ ላይ ስም በስም እሞላለሁ። ቅጹ ላይ የትምህርት ዓይነት አለ። የተመረቁበት ዓመት አለ። ውጤት አለ። ቀጥሎ «አግባብ ያለው የሥራ ልምድ በዓመትና በወር» የሚል ዓምድ ይመጣል። ከእሱ ጎን አንዲት ጠባብ ዓምድ አለች። «የሥራ ግብር የተከፈለበት» ትላለች። እሷ ላይ አዎ ወይም የለም ብቻ ነው የሚጻፈው።

ባለፈው ዓመት የሁለት ዓመት ልምድ ያለው አካውንታንት ፈልገን ማስታወቂያ አወጣን። አንድ ልጅ የሦስት ዓመት ልምድ ይዞ መጣ። ደብዳቤው ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ስለ ግብር ግን አንድም ቃል የለበትም። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ያነሱት ሰውዬ «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን በእጁ ነበር የምንሰጠው፣ ፔሮል ላይ አልነበረም» አሉኝ። በቃ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሒሳብ የሠራ ልጅ እኔ ቅጽ ላይ ዜሮ ሆነ። ማመልከቻውን ወደ ጎን ሳደርገው እጄ ከብዶኝ ነበር፤ ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ሆኛለሁ።

እኔ ተመርቄ መጀመሪያ የገባሁት አንድ ነጋዴ ቤት ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ዓመት ከመንፈቅ ሠራሁ። ስወጣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ብጠይቅ «አንተ እኮ እንደ ቤተሰብ ነበርክ፣ ምን ደብዳቤ ያስፈልግሃል» ተባልኩ። ያ ዓመት ከመንፈቅ እስከ ዛሬ ሲቪዬ ላይ የለም።

ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልምድ አይጠይቅም» ወይም «ዜሮ ዓመት» ከሚሉት ማስታወቂያዎች መካከል የትኛውን ማስቀደም እንዳለባችሁ። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ከዜሮ ዓመቱ ማስታወቂያ አትጀምሩ። ከሁለት ዓመቱ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የምትፈልጉት ሥራ ምን ዓይነት ልምድ እንደሚቆጥር እዩ። ከዚያ ያንን ልምድ የሚሰጣችሁን የዜሮ ዓመት ሥራ ፈልጉ።

ይህን በምሳሌ ካላሳየኋችሁ ወሬ ሆኖ ይቀራል። የጎረቤቴን የእህት ልጅ ላንሳ። ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አልጠራም።

ልጅቷ ከክልል ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመረቀች። የመውጫ ፈተናውን አልፋለች። ውጤቷ ደህና ነው፣ የሚያስደንቅ ግን አይደለም። ቴምፖዋን ይዛ እዚህ ቱሉ ዲምቱ አክስቷ ቤት ገባች። ሰባት ወር ሙሉ ያየችውን ሁሉ ስታመለክት ከረመች። የቴሌግራም ቻናሎች ላይ «ፍሬሽ» የሚል ካየች ትልካለች። ባንክም፣ ሽያጭም፣ ሆቴል መስተንግዶም፣ የትምህርት ቤት ረዳት መምህርነትም። አንድ ማታ እኛ ቤት መጥታ «ጋሼ፣ የላክሁበትን ሁሉ ጻፍኩት፣ እየው» ብላ ደብተር ሰጠችኝ። ስልሳ ምናምን መሥመር ነው። እያንዳንዱ መሥመር ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል። አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም።

«ከሁለት ዓመት በኋላ ምን ሆነሽ መገኘት ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። «አካውንታንት» አለች። «የምን አካውንታንት?» ስላት ዝም አለች። ጥያቄው ተንኮል የለውም። ፋብሪካ ውስጥ የኮስት አካውንታንት አለ። አስመጪ ቤት የግብርና የደረሰኝ ሥራ የሚይዝ አለ። ኦዲት ቢሮ አለ። መያድ ውስጥ የለጋሽ ሪፖርት የሚሠራ አለ። ዲግሪው አንድ ነው። ሁለተኛውን በር የሚከፍተው ልምድ ግን ይለያያል።

የቤት ሥራ ሰጠኋት። ለአንድ ሳምንት አዲስ ማመልከቻ እንዳትልክ አልኳት። በምትኩ ሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቁ ሃያ የአካውንታንት ማስታወቂያዎችን ከሪፖርተር ጋዜጣ፣ ከኢትዮጆብስና ከቴሌግራም እንድትሰበስብ። ማመልከት አይጠበቅባትም፤ ማንበብ ብቻ። ደብተሩን አራት ቦታ እንድትከፍለው አደረግሁ። አንደኛው ምን ዓይነት ልምድ «ቀጥተኛ» ተብሎ ተቆጠረ። ሁለተኛው በስም የተጠራ ሶፍትዌር ወይም ሥራ። ሦስተኛው ግብር የተከፈለበት ይላል ወይስ አይልም። አራተኛው ቦታው የት ነው።

በሳምንቱ መጣች። ፊቷ ተለውጧል። ካነበበቻቸው ከግማሽ በላይ ፒችትሪ ይጠይቃሉ። ብዙዎቹ የወር የቫትና የዊዝሆልዲንግ ማሳወቂያ መሥራት የሚችል ይላሉ። አምራች ድርጅቶቹ የዕቃ ቆጠራና ኮስት ያነሳሉ። ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት የሚለውም ተደጋግሞ ተጽፏል። አንዳንዶቹ «ልምዱ ከምረቃ በኋላ የተገኘ» ብለው ጨምረዋል። እሷ ተማሪ ሆና የሠራችው የሁለት ወር አፓረንትሺፕ እንደማይቆጠር ያን ቀን ነው የገባት። ሌላ ያስገረማት ነገር ደግሞ አራተኛው ክፍል ነበር። ካየቻቸው ቦታዎች ብዙዎቹ እዚሁ ናቸው። ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ገላን፣ ዱከም። እሷ ሰባት ወር ሙሉ ቦሌና ካዛንቺስ ስታመለክት ነበር።

ከዚህ በኋላ የዜሮ ዓመት ሥራዎችን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረች። በሁለት ወር ውስጥ አራት ነገር እጇ ላይ ወደቀ። አንድ በአንድ ላሳያችሁ፤ የእናንተም ምርጫ ከእነዚህ ብዙም አይርቅም።

የመጀመሪያው የባንክ ሠልጣኝነት ማስታወቂያ ነው። ገና ማስታወቂያ እንጂ ሥራ አይደለም። ባንኮች በብዛት ዜሮ ዓመት የሚቀጥሩት በዚህ መንገድ ነው። ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ የምረቃ ዓመት ይወስናል፤ የዘንድሮና የአምና ተመራቂ ብቻ ይላል። ዝቅተኛ ውጤት ያስቀምጣል። ለጥቂት ቀናት ብቻ ክፍት ሆኖ ይዘጋል። ከዚያ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ተያዥ ማቅረብ ይመጣል። የሚመደቡበት ቅርንጫፍ ደግሞ የትም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የሠልጣኝ ፕሮግራም በር የሚዘጋበት ቀን አለው። የምረቃ ዓመታችሁ ካለፈ ምንም ብትጎብዙ አትገቡም። አየር መንገዱ የሚያወጣቸው የሠልጣኝ ማስታወቂያዎችም የዕድሜ ገደብ አላቸው። የፋብሪካ ጁኒየር አካውንታንትነት ግን ዘንድሮም አለ፣ ከርሞም አለ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመታችሁ የሠልጣኝ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር፣ ሌላ ሥራ ይዛችሁም ቢሆን አመልክቱ። የሚዘጋውን በር አስቀድሙ። ቴምፖ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ ፋይዳ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሁሉም ስካን ተደርጎ ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ። ማስታወቂያው ሐሙስ ወጥቶ ሰኞ ሲዘጋ ኮፒ ቤት ስትሯሯጡ እንዳያመልጣችሁ።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባንክ ገብታችሁ መስኮት ላይ ገንዘብ የምትቀበሉና የምትከፍሉ ከሆነ፣ የሁለት ዓመቱ ልምድ ለባንክ ነው የሚቆጠረው። እኔ ጋ ለኮስት አካውንታንት ብታመለክቱ «ቀጥተኛ» ብዬ ለመሙላት እቸገራለሁ። በባንክ ውስጥ ማደግ የምትፈልጉ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። ግባችሁ የፋብሪካ ወይም የድርጅት ሒሳብ ከሆነ ግን አውቃችሁ ግቡ። ደግሞ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የአገልግሎት ግዴታ መኖሩን እዩ። ለስንት ጊዜ ነው? ቀድሞ መውጣት ምን ያስከፍላል? ተያዣችሁም ያንን ማወቅ አለበት፤ የሚፈርመው እሱ ነው።

ሁለተኛው መሃል ከተማ ያለ አስመጪ ቤት ነው። «ጁኒየር አካውንታንት፣ 10 ሺህ ብር» አሏት። ስሙ ያምራል። ቃለ መጠይቁ ላይ «ግብርና ጡረታ ይቆረጣል?» ብላ ጠየቀች። «የሙከራ ጊዜሽን ስትጨርሺ እናየዋለን» አሏት። የሙከራ ጊዜው ስንት ነው ስትል «ስድስት ወር» አሏት።

ሕጉን እዚህ ላይ በጥቂቱ ማወቅ አለባችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ማለት ነው። የሙከራ ውሉም በጽሑፍ መሆን አለበት። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ መብት አለው። ስለዚህ «ሙከራ ላይ ስለሆንሽ ፔሮል አትገቢም» የሚባል ነገር የለም። ስድስት ወር የሚል ቤት ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ አውቆ ትቶታል። ሁለቱም ቢሆኑ ደብዳቤ በምትጠይቁበት ቀን አይጠቅሟችሁም።

ያው አዋጅ አሠሪው ሠራተኛው ሲጠይቅም ሆነ ሲለቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ እንዲሰጥ ያዛል። እኔ በወጣትነቴ ይህን አላወቅሁም ነበር። ሆኖም ግብሩ ካልተከፈለ ደብዳቤው ቢገኝም ያቺ ጠባብ ዓምድ ላይ «የለም» ነው የሚጻፈው።

ፔሮል ላይ መሆናችሁን የምታውቁት በመጀመሪያው ወር ነው። ሲቀጥሯችሁ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ያው ቲን የምንለውን፣ ይጠይቋችኋል። የጡረታ ፎርም ያስሞሏችኋል። ከወር ደሞዛችሁ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የሥራ ግብርም ይቆረጣል። የመጀመሪያው ደሞዝ አንድም ብር ሳይቆረጥ እጃችሁ ላይ ከገባ ደስ አይበላችሁ። ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው የኦዲት ቢሮ ኢንተርንሺፕ ነው። ሦስት ወር፣ የትራንስፖርት ብቻ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችሁ ስለ ኢንተርንሺፕ ትጠይቁኛላችሁ።

በአገራችን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ደረጃ ሀ የሚባሉት ግብር ከፋዮች የዓመቱን ሒሳባቸውን ዘግተው እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃሉ። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የሒሳብና የኦዲት ቢሮዎች በሥራ ይጨናነቃሉ። ደረሰኝ በካርቶን ይገባል። የሚለይ፣ የሚመዘግብ፣ ከባንክ ስቴትመንት ጋር የሚያመሳክር እጅ ይፈልጋሉ። እናንተ ደግሞ የምትመረቁት በዚያው ሰሞን ነው። ቢሮ ለቢሮ ሄዳችሁ፣ ማስታወቂያ ሳይወጣ፣ ማመልከቻ ማስገባት የሚያዋጣው ያኔ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ያንኳኳችሁት በርና ኅዳር ላይ ያንኳኳችሁት በር አንድ አይደሉም። ኅዳር ላይ ብትገቡ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ፋይል ደርድራችሁ ትወጣላችሁ።

የልጅቷ ኢንተርንሺፕ የመጣው በጥር ነው። ሄዳ ሦስት ነገር እንድትጠይቅ ነገርኳት። አምና ከወሰዷቸው ተለማማጆች ስንቱን ቀጠሩ? የምትሠራው ሥራ በጽሑፍ ይሰጣታል ወይ? ሥራውን የሚያሳያት ሰው ማነው? መልሱ «እንደ ጥረትሽ» የሚል ብቻ ሆነ። ማንን እንደቀጠሩ አንድ ሰው መጥቀስ አልቻሉም። ደሞዝ ስለሌለው ግብር የለውም፤ ግብር ስለሌለው ሦስቱ ወር እንደ ልምድ አይቆጠርም። እንዲህ ከሆነ ዋጋው የሚለካው በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ እዚያው ይቀጥሩኛል ወይ? ካልቀጠሩኝ ደግሞ ሲቪዬ ላይ በዝርዝር የምጽፈው ሥራ እማራለሁ ወይ? ሁለቱም ከሌሉ ይቅር። ሁለቱም ካሉ ግን ሦስት ወር ብዙ አይደለም፤ እኔ ራሴ ከተለማማጅነት ወስጄ የቀጠርኳቸው ልጆች አሉ። ከሦስት ወር በላይ ያለ ደሞዝ መቆየትን ግን አልመክርም።

አራተኛው ስሙ የማያምር ነው። ገላን ውስጥ ያለ አምራች ድርጅት፣ «የስቶር መዝጋቢ፣ ዜሮ ዓመት፣ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ፣ 8 ሺህ ብር»። ሰርቪስ አለው፣ ምሳ አለው። እናቷ ስልክ ላይ «ዲግሪ ይዘሽ መጋዘን?» አሏት። እሷም ከፍቷት ነበር።

ቁጭ ብለን አሰላነው። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር፣ ከ8 ሺህ ብር ላይ የሥራ ግብሩ 1,150 ብር ነው። ጡረታው 560 ነው። እጅ ላይ የሚገባው 6,290 ብር። የ10 ሺህውን በሕጉ ቢቆርጡት ኖሮ ግብሩ 1,650፣ ጡረታው 700፣ እጅ ላይ 7,650 ይሆናል። ልዩነቱ 1,360 ብር ነው። ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ለመሄጃና ለመመለሻ በቀን 80 ብር ብንይዝ፣ በ26 ቀን 2,080 ብር ነው። ምሳው ሳይጨመር ልዩነቱ ተበልቷል። ጊዜውንም አስቡት። ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ። ከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች ደሞዝ ማለት ቤት የሚገባው ብር ነው። ታክሲ ላይ የሚያልቀውን ሰዓትም አብራችሁ ቁጠሩ፤ ፒችትሪ የምትለማመዱበት፣ ለባንክ ፈተና የምታነቡበት ሰዓት እሱ ነው።

ብሩ ግን ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ዋናው የሥራው ዓይነት ነው። መጋዘን ውስጥ ምን አለ? ጥሬ ዕቃ ሲገባ የገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል። ወደ ማምረቻ ሲወጣ የወጪ መጠየቂያ ይሞላል። እያንዳንዱ ዕቃ ቢን ካርድ አለው። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። በወሩ መጨረሻ ካርዱ ላይ ያለው ቀሪና ሒሳብ ክፍል ያለው ቀሪ ይመሳከራል። ሲለያዩ ለምን እንደተለያዩ ይፈለጋል። አንዳንዴ ደረሰኝ ሁለቴ ተመዝግቦ ነው። አንዳንዴ ኪሎው በኩንታል ተጽፎ ነው። አንዳንዴም ዕቃው በእርግጥ ጎድሎ ነው። ይህን ዓመት ሙሉ የሠራች ልጅ ኮስት አካውንቲንግን ከክፍል በተሻለ ታውቀዋለች። የሒሳብ ክፍሉ ሰዎችም በየወሩ መጨረሻ ከእሷ ጋር ነው የሚያመሹት። ቦታ ሲከፈት መጀመሪያ ትዝ የምትላቸው እሷ ናት።

ችግር የለውም አልልም። ሁለት ችግር አለው። አንደኛው የመደቡ ስም ነው። ደብዳቤዋ ላይ «ስቶር መዝጋቢ» ብቻ ተጽፎ ከወጣ፣ ሌላ ድርጅት ያለ እንደ እኔ ዓይነት ሰው «ቀጥተኛ አይደለም» ሊላት ይችላል። ሁለተኛው ተጠያቂነቱ ነው። መጋዘን ላይ ንብረት የሚረከበው ማነው? መዝጋቢው ነው ወይስ ስቶር ኪፐሩ? ንብረት የሚረከብ ሰው ተያዥ ይጠየቃል፣ የጎደለ ዕቃም ይጠየቅበታል። ገና ሥራ የማያውቅ ልጅ ቆጠራ ሳይደረግ መጋዘን ከተረከበ ሌላ ሰው ያጎደለውን ሊሸከም ነው።

ስለዚህ ከመፈረሟ በፊት ሁለት ነገር ጠየቀች። ጥያቄዎቹን ቤት ተለማምደናቸዋል። «የሥራ ዝርዝሬ በጽሑፍ ይሰጠኝ ይሆን? ንብረት እረከባለሁ ወይስ መዝገብ ብቻ ነው የምይዘው?» የኤችአሩ ሰው አልተቆጣም። የሥራ ዝርዝሩን አወጣላት። መዝገብ ብቻ ነው። «ወርኃዊ የዕቃ ቀሪ ከሒሳብ ክፍል ጋር ማመሳከር» የሚል መሥመር አለበት። ያ መሥመር ነው ያስፈረማት። በኋላ የልምድ ደብዳቤ ስታስጽፍ መደቡ ብቻ ሳይሆን ዝርዝር ተግባሩም እንዲጻፍላት መጠየቅ ትችላለች። እኔ ቅጽ ስሞላ እንደዚህ ያለ መሥመር ካየሁ ልምዱን እቆጥራለሁ።

ያመለከተችበት የባንክ ፈተናም ጥሪ መጣ። ከሥራ አስፈቅዳ ሄደች፤ አላለፈችም። ተስፋ አልቆረጠችም። ሥራ ስለያዘች ውጤቱን የጠበቀችው ተረጋግታ ነው።

በስምንተኛው ወር የሒሳብ ክፍሉ አንድ ሰው ለቀቀ። በውስጥ ማስታወቂያ ተወዳድራ ገባች። መደቧ አሁን ጁኒየር ኮስት አካውንታንት ነው። በነገራችን ላይ የውስጥ ማስታወቂያ የሚባለውን ነገር ብዙ ተመራቂ አያውቀውም። ድርጅቶች ብዙ ቦታ ወደ ውጭ ከማውጣታቸው በፊት ውስጥ ይለጥፋሉ። እናንተ ቴሌግራም ላይ የማታዩት ማስታወቂያ ነው። አንድ ድርጅት ጋ ከታች ለመግባት ስታስቡ «ውስጥ ማስታወቂያ ታወጣላችሁ ወይ? ከሙከራ በኋላ መወዳደር ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አይቻልም ካሉ ያ ቦታ መግቢያው ብቻ ነው ያለው፣ መውጫ ደረጃ የለውም።

የተማራችሁት ሌላ ትምህርት ከሆነም ስሌቱ ያው ነው። ማርኬቲንግ የተመረቀ ልጅ ሃያ የሁለት ዓመት ማስታወቂያ ይሰብስብ፤ ምን እንደሚቆጥሩ ይይ። ሎጂስቲክስ የተመረቀ ደግሞ ቃሊቲ ጉምሩክ አጠገቡ ነው። የትራንዚት ቢሮ ተላላኪነት ስሙ አያምርም፤ ሰነድ ይዞ የሚሮጠው ልጅ ግን ዲክላራሲዮን እንዴት እንደሚያልፍ የሚያየው እሱ ነው። ብቻ እዚያም ቢሆን ያቺን ጠባብ ዓምድ አትርሱ።

ሳልጠቅሳቸው የማላልፋቸው የዜሮ ዓመት ማስታወቂያዎች አሉ። «ፍሬሽ ተመራቂ፣ ማንኛውም ትምህርት፣ ብዛት 100፣ ደሞዝ በስምምነት» ይላሉ። ሄዳችሁ ስትጠይቁ ደሞዝ የለም፣ ኮሚሽን ብቻ ነው። ሽያጭ መጥፎ ሥራ አይደለም፤ መነሻ ደሞዝ ያለው የሽያጭ ሥራ ብዙ ሰው አሳድጓል። ደሞዝ የሌለው ግን ፔሮል የለውም፣ ፔሮል የሌለው ደግሞ የት እንደሚደርስ አይታችኋል። መመዝገቢያ ወይም ማሠልጠኛ ብለው ከእናንተ ብር የሚጠይቁትንም ጥላችሁ ውጡ። ኦርጅናል ዲግሪያችሁን «ማስያዣ» ብሎ ለሚጠይቅ አትስጡ። ኦርጅናሉን አሳዩ፣ አመሳክሩ፣ ኮፒውን ስጡ፣ ኦርጅናሉን ይዛችሁ ተመለሱ።

አሁን ወደ ጥያቄ እንሂድ ብዬ ነበር፤ ግን አንዲት እህት ስንገባ በር ላይ የጠየቀችኝን ልመልስ። «ውጤቴ 2.4 ነው፣ ማን ይቀጥረኛል?» ብላኛለች። እህቴ፣ የሠልጣኝ ፕሮግራሞቹ አብዛኞቹ ውጤት ላይ መስመር ያሰምራሉ፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ጊዜሽን አትጨርሺ። መስመሩ ከ2.4 በታች የሆነ ካገኘሽ ላኪ፣ ካልሆነ እለፊው። የፋብሪካና የመካከለኛ ድርጅት ማስታወቂያዎች ግን ብዙዎቹ ውጤት አይጽፉም። እኔ ጋ ውጤት የሚያስፈልገኝ ሁለት ሰው እኩል ሲሆንብኝ ነው። አንቺ ዓይንሽን እዚህ አካባቢ፣ ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባለው መስመር ላይ አድርጊ። ማመልከቻሽ ላይ ደግሞ «ቱሉ ዲምቱ ነዋሪ» ብለሽ ጻፊ። ሰርቪሱ በዚያ በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቅ የኤችአር ሰው ያንን መሥመር ሳያነብ አያልፍም፤ ከሩቅ የተቀጠሩ ልጆች በሦስተኛው ወር መንገዱ መርሯቸው ሲለቁ አይቷልና።

ደብተር ያላችሁ አውጡ። ጠረጴዛው ላይ የቆዩ የሪፖርተር እትሞች አሉ፤ በሁለት በሁለት ሁኑና ከእነሱ የሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቁትን ማክበብ እንጀምር።